ስሙ የአንዷ፣ ውጤቱ የሌላው፦ ተጣሞ የተነሳ ሮስተር እንዴት ይነበባል?

የተማሪዎችን ሮስተር ከፎቶ ወደ ኤክሴል የሚገለብጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ቁጥር እንዳይሳሳትበት ነው፤ 3 የነበረው 8 ሆኖ እንዳይነበብ። የባሰው ስህተት ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በትክክል ይነበብና የሌላ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ሠንጠረዡ ሲታይ ሙሉ ነው፣ የጎደለ ሴል የለም፣ ቁጥሮቹም ሁሉ ትክክል ናቸው። የተሳሳተው የማን እንደሆኑ ብቻ ነው።

ሮስተር ለዚህ ስህተት የተመቸ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች የተለመደውን ዓይነት አስቡት። አንድ ተማሪ ሦስት ረድፍ ይይዛል፦ አንደኛ ሴሚስተር፣ ሁለተኛ ሴሚስተር፣ የዓመቱ አማካይ። ተራ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ጾታውና ዕድሜው ግን የሚጻፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱን ረድፍ ጠቅልሎ በያዘ ረጅም ሴል ውስጥ። ኤክሴል የሚያውቁ ሰዎች መርጅ የሚሉት ይህን ነው። ከዚያ በስተቀኝ የትምህርቶቹ ውጤት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ ይከተላሉ። ስሙ የተጻፈው በረጅሙ ሴል መሐል ስለሆነ በቁመት የሚገጥመው ከሁለተኛው ሴሚስተር ጋር ነው። በዚህ ምክንያት ጽሑፍ ብቻ ለቅሞ «በአንድ ከፍታ ላይ ያሉት አንድ ረድፍ ናቸው» የሚል ፕሮግራም ስሙን ለሁለተኛ ሴሚስተር ይሰጥና ሌሎቹን ሁለት ረድፎች ባለቤት አልባ ያደርጋቸዋል። ይህ የሚሆነው ፎቶው ፍጹም ቀጥ ብሎ ቢነሳም ነው።

አሁን ፎቶው ተጣመመ እንበል። መምህሩ ሮስተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ጥላው እንዳያርፍበት ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ነው ያነሳው። ሠንጠረዡ በፎቶው ላይ 3000 ፒክስል ያህል ስፋት አለው፣ የአንዱ ረድፍ ቁመት ደግሞ 52 ፒክስል ያህል ነው። የላይኛዎቹ መስመሮች ወደ ቀኝ ሲሄዱ በ3 ዲግሪ ብቻ ቁልቁል ያዘነብላሉ። 3 ዲግሪ ለዓይን ምንም አይደለም፤ ፎቶውን የተቀበለ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን በ3000 ፒክስል ርዝመት ላይ መስመሩ 157 ፒክስል ያህል ወርዷል። ያ ሦስት ረድፍ ነው። ሦስት ረድፍ ደግሞ አንድ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ከ7ኛዋ ተማሪ ስም ተነስቶ በፎቶው ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ የሄደ ዓይን ዳር ሲደርስ የሚያገኘው የ6ኛውን ልጅ ድምር ነው። የ6ኛው ድምር በአንደኛው ሴሚስተር 742፣ በሁለተኛው 768፣ አማካዩ 755 ቢሆን ሦስቱም እንደ ተያያዙ መጥተው በ7ኛዋ ስም ይሰፍራሉ።

ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ የምንተማመንበት ማረጋገጫ ወደ ታች የሚደረገው ነው፦ ሁለቱን ሴሚስተሮች ደምሮ ለሁለት አካፍሎ ከአማካዩ ጋር ማስተያየት። 742 እና 768 ሲደመሩ 1510፣ ለሁለት ሲካፈሉ 755። ልክ ነው! ልክ የሆነው ግን ሦስቱ ቁጥሮች አብረው ስለተሰደዱ ነው። ስህተቱን የሚያጋልጠው ወደ ጎን የሚደረገው ድምር ነው። በዚያው ረድፍ የተነበቡትን ትምህርቶች ብንደምር በግራ በኩል ያሉት የ7ኛዋ፣ በቀኝ በኩል ያሉት የ6ኛው ስለሆኑ 742 አይመጣም። ወደ ታች ያለው ስሌት የረድፎቹን ቅደም ተከተል ይመረምራል፤ ወደ ጎን ያለው ደግሞ ረድፉ ከግራ እስከ ቀኝ አለመሰበሩን። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

መፍትሔው የሚጀምረው ፊደል ከማንበብ በፊት ነው። ብዙ ሰው ፎቶውን በ3 ዲግሪ አሽከርክሮ ያቃናው ይመስለዋል። ከጎን የተነሳ ፎቶ ግን አንድ ዝንባሌ ብቻ አይደለም ያለው። ላይኛው መስመር በ3 ዲግሪ ሲያዘነብል የታችኛው በ1 ዲግሪ ብቻ ሊያዘነብል ይችላል። መሐሉን ወስደን በ2 ዲግሪ ብናዞረው ላዩ በ1 ዲግሪ ወደ ታች፣ ታቹ በ1 ዲግሪ ወደ ላይ እንደተጣመመ ይቀራል። 1 ዲግሪ በዚህ ስፋት 52 ፒክስል ነው፤ ማለትም አንድ ሙሉ ረድፍ። የሚያስፈልገው ሆሞግራፊ የሚባለው ለውጥ ነው። የሠንጠረዡን አራት ማዕዘኖች ይወስድና ወደ ትክክለኛ አራት ማዕዘን ይዘረጋቸዋል። ስምንት ያልታወቁ ቁጥሮች አሉት፤ አራት ነጥቦች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መጋጠሚያ ስላላቸው በትክክል ይበቁታል። በኦፕንሲቪ `cv2.getPerspectiveTransform` ለውጡን ያሰላል፣ `cv2.warpPerspective` ምስሉን ይዘረጋል። ማዕዘኖቹ የወረቀቱ ሳይሆኑ የታተመው የውጭ ክፈፍ ማዕዘኖች ይሁኑ፤ የወረቀት ጫፍ ይታጠፋል፣ ይቀደዳል። የክፈፉን ስፋትና ቁመት በማስመሪያ መለካት ከተቻለ ደግሞ መልካም ነው። 390 በ260 ሚሊሜትር ከሆነ በሚሊሜትር 8 ፒክስል ሰጥቶ ወደ 3120 በ2080 መዘርጋት ይቻላል።

ቀጥሎ መስመሮቹን ከጽሑፉ መለየት ነው። ብርሃኑ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በአንድ ወሰን ጥቁርና ነጭ ማድረግ አያዋጣም፤ `cv2.adaptiveThreshold` እያንዳንዱን አካባቢ በራሱ ብርሃን ይመዝናል። ከዚያ ረጅምና ቀጭን የሆነ ማጣሪያ አግድም ያለውን ቀለም ብቻ አስቀርቶ ፊደላቱን ያጠፋል። የማጣሪያው ርዝመት ከፊደል አግድም ጭረት መብለጥ፣ ከጠባቡ ዓምድ ስፋት ደግሞ ማነስ አለበት። ከበለጠ በጠባብ ዓምድ ውስጥ ብቻ የተሰመረች አጭር መስመር ከፊደሎቹ ጋር አብራ ትጠፋለች፤ ያኔ የሌለ ውህደት ተፈጠረ ማለት ነው። ለቋሚዎቹም እንዲሁ ይደረጋል። ከ50 በታች በሆነ ውጤት ሥር መምህሩ ያሰመረው ጭረትም መስመር መስሎ ሊመጣ ይችላል። የሚለየው ከቋሚ መስመር ተነስቶ ቋሚ መስመር ላይ ባለመድረሱ ነው።

አግድሞቹና ቋሚዎቹ ከተገኙ በኋላ ሁሉም ከዳር እስከ ዳር እንደሄዱ አድርገን ሙሉ መረብ እናስባለን። በዚያ መረብ ውስጥ የተዋሃደ ሴል ማለት መስመር ይኖርበታል በተባለ ቦታ መስመር የጠፋበት ነው። ባዶ ሴልና የተዋሃደ ሴል ባዶ ክፍል በጽሑፍ አይለያዩም፤ ሁለቱም ውስጥ ምንም አልተጻፈም። የሚለያዩት በጠርዛቸው ነው። ተማሪው ለፈተና ባይቀርብና ውጤቱ ባዶ ቢሆን ዙሪያው በመስመር የተዘጋ ነው። ከስሙ በላይና በታች ያለው ባዶ ቦታ ግን ከስሙ የሚለየው መስመር የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ቁራጭ ጠርዝ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ከርዝመቷ ስንት እጁ ላይ ቀለም አለ?

```python
def line_share(mask, y, x1, x2, band=4):
    pad = int((x2 - x1) * 0.15)
    strip = mask[y-band:y+band+1, x1+pad:x2-pad]
    return (strip > 0).any(axis=0).mean()
```

ከሁለቱም ጫፍ 15 በመቶ የተተወው የቋሚዎቹ መስመሮች ቀለም እንዳያሳስተን ነው። መልሱ ከ0.6 በላይ ከሆነ መስመር አለ፣ ከ0.2 በታች ከሆነ የለም ብሎ መጀመር ይቻላል። መሐል ላይ የወደቀውን ሰው ይየው። እነዚህ ወሰኖች ሕግ አይደሉም፤ የደበዘዘ ፎቶኮፒ ሲሆን ዝቅ ማለት አለባቸው።

መስመር ያልለያቸውን ጎረቤት ሴሎች ስናገናኝ የሚወጣው ቅርጽ ራሱ ምስክር ነው። የተዋሃደ ሴል ሁልጊዜ አራት ማዕዘን ይሆናል። የተሰበረ ቅርጽ ከወጣ ወይ አንድ መስመር ደብዝዞ ጠፍቷል፣ ወይ የሌለ መስመር ተቆጥሯል። ሮስተር ደግሞ ሌላ ምስክር ይጨምራል፦ ከርዕሱ በታች ያለው የስም ዓምድ በሦስት በሦስት ረድፍ መከፈል አለበት። ስድስት ረድፍ የያዘ «ስም» ከተገኘ ሁለት ተማሪዎችን የሚለየው መስመር ጠፍቷል፤ ሁለትና አንድ ሆኖ ከተከፈለ አንድ ጭረት እንደ መስመር ተቆጥሯል።

ይህ ሁሉ የቆመው ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነው በሚል ግምት ላይ ነው። ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ሮስተር በመታጠፊያው ላይ ይነሳል። ከተዘረጋ በኋላ አራቱ ማዕዘኖች በትክክል ቦታቸው ላይ ሆነው የውስጥ መስመሮቹ መሐል ላይ ጎበጥ ብለው ከታዩ ምክንያቱ ይህ ነው። ጉብጠቱ ከረድፉ ቁመት ግማሽ ካለፈ ረድፎች መቀላቀል ይጀምራሉ። ያኔ አንድ መስመር ለሙሉው ስፋት አንድ ከፍታ አለው ማለትን ትቶ፣ በየዓምዱ ስፋት እየቆረጡ መስመሩን ከቋሚ ወደ ቋሚ መከተል ያስፈልጋል። ወረቀቱ ገና በእጅ ካለ ግን አስተካክሎ ዳግም ማንሳት ይቀላል። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ ምስሉ ሲታመቅ መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ መስመሮች ናቸው። ከካሜራው ርቆ የነበረው ዳር ላይ የደበዘዘ መስመር ደግሞ ምስሉን በመዘርጋት አይመለስም።

ወደ ኤክሴል ሲገባ ውህደቱን እንዳለ መመለስ ያምራል፣ አይመችም እንጂ። ኤክሴል ለተዋሃደ ሴል የሚይዘው ይዘት በላይኛው ግራ ጥግ ያለውን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። በደረጃ ልደርድር ሲባል እንቢ ይላል፤ ውህደቱ ሲፈታ ደግሞ ሁለቱ ረድፎች ያለ ስም ይቀራሉ። ስለዚህ ስሙንና ተራ ቁጥሩን በሦስቱም ረድፍ ደግሞ መጻፍና «ሴሚስተር» የሚል ዓምድ ለብቻው ማኖር ይሻላል።

በመጨረሻ ስሌቶቹን ሁሉ ያልፋል የምንለው ሠንጠረዥ ምን እንደተረጋገጠለት ማወቅ አለብን። ወደ ታች አማካዩ ገጥሟል፣ ወደ ጎን ድምሩ ገጥሟል፣ ደረጃውም ከአማካዮቹ ቅደም ተከተል ጋር ተስማምቷል። ሦስቱም የቁጥር ከቁጥር ዝምድና ናቸው። ስምን ከቁጥር ጋር የሚያስተሳስር ስሌት ግን የለም፤ ያንን የሚመሰክሩት መስመሮቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ማኅተም በፊት አንድ ሰው ስም እየጠራ፣ ሌላው በዋናው ፎቶ ላይ መስመሩን በጣቱ ከስሙ እስከ ድምሩ ተከትሎ ቁጥሩን ይመልስለት። ሁሉንም ማድረግ ካልተቻለ ከላይኛው፣ ከመሐሉና ከታችኛው ክፍል ጥቂት ተማሪዎች ይመረጡ፤ ጥመቱ ከላይና ከታች እኩል ስላልሆነ የአንዱ ክፍል ትክክልነት ለሌላው ዋስ አይሆንም።