አያቴን «የቤት እመቤት» ብላችሁ አትሸኙብኝ!

አገራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ በወረቀት ተጽፎ ይነበባል። የተወለደበት ቦታ፣ የሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ያፈራቸው ልጆች… የአያቴንም የሕይወት ታሪክ ከዘመዶቻችን አንዱ ጽፎ እንዳነብ ሰጠኝ። «ሥራ» የሚለው ላይ ስደርስ «የቤት እመቤት» ይላል። ሰረዝኩና «ገበሬ» ብዬ ጻፍኩበት።

«ሴት ገበሬ አለች እንዴ?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

ታዲያ ተራዬ ደርሶ ለቀስተኛው ፊት ስቆም ወረቀቱን አጥፌ ይህን ተናገርኩ።

«እናንተ የአርሲ ነገሌ ሰዎች፣ እማማን ታውቋቸዋላችሁ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አኮ» እያለ ነው የሚጠራቸው። አያታችን ሲሞት ስድስት ልጅ፣ አንድ በሬና በቆሎና ስንዴ የሚዘራበት መሬት ትቶላቸው ሄደ። በእኛ አገር ሴት ትኮተኩታለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች። እርፍ ግን አትጨብጥም። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት ያላት መንገድ መሬቷን ለእኩል መስጠት ነው። 20 ኩንታል ከተገኘ 10ሩን አራሹ ይወስዳል።

እማማን ያንገበገባቸው ግን ግማሹ መሄዱ ብቻ አልነበረም። እኩል አራሹ መጀመሪያ የሚያርሰው የራሱን ነው። የመበለቷ ማሳ የሚደርሰው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተዘራ በቆሎ ደግሞ ፍሬ ሳይቋጥር ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። ያ ማለት የግማሽ ግማሽ! እማማ አንድ በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ጋር መቀናጆ አደረጉ። እዚያም ቢሆን ቅድሚያው የጎረቤት ሆነ። ያኔ ነው «ሁለተኛ በሬ ካልገዛሁ ልጆቼ አይጠግቡም» ያሉት።

በሬው የመጣው ከአረቄ ነው። የነገሌን አረቄ የማያውቅ የለም። እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቀው ግን ጭሱን የጠጣ ነው። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባበታል፣ የበቆሎ ቂጣ ተጋግሮ ተፈርፍሮ ይጨመርና ድፍድፉ ከርሞ ይብላላል። ከዚያ እሳት ላይ ይጣዳል። የእንስራው አፍ ይመረጋል፣ በሸንበቆው የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ ጠብ… ጠብ… ይላል። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ አርሮ አረቄው ይሸታል፣ ካነሰ አይወርድም። ስለዚህ እማማ ከምድጃው አጠገብ አይነሱም ነበር። ጥቂት ጠብታ እሳት ላይ ጣል አድርገው ቦግ ሲል «ደርሷል» ይላሉ። እሳቸው ግን አይቀምሱትም።

አረቄው ተሽጦ ደብተርና ዩኒፎርም ይሆናል። የተረፈው አተላ ለበሬው ነው። በሬው በአተላ ይወፍራል፣ ሲወፍር በደንብ ያርሳል። ከአረቄው ገንዘብ ሳንቲም በሳንቲም ተጠራቅሞ ሁለተኛው በሬ ተገዛ። ከዚያ በኋላ እማማ ለእኩል አልሰጡም። በሬ የሌለው አንድ ጎልማሳ ሁለት ቀን የእሳቸውን ያርሳል፣ በለውጡ በሬዎቹን አንድ ቀን ወስዶ የራሱን ያርሳል። መቼ እንደሚታረስ፣ የትኛው ማሳ ስንዴ የትኛው በቆሎ እንደሚሆን፣ ለዘር የሚቀመጠው የቱ እንደሆነ የሚወስኑት ግን እሳቸው ነበሩ። እስቲ ንገሩኝ፣ ገበሬ ማለት ምንድነው? እርፍ የጨበጠው ነው ወይስ እርሻውን ያስተዳደረው?

ከስድስቱ ልጆች በኋላ እኛ የልጅ ልጆች መጣን። በዚያው ጭስ፣ በዚያው ማሳ ነው ያደግነው። ጭሱ ግን ዋጋውን አስከፈላቸው። ዓይናቸው ሁልጊዜ ያለቅስ ነበር። በመጨረሻ ፊታችንን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚለዩን።»

አንድ ነገር ጨምሬ ጨረስኩ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ ላይ የሁለቱም ስም እንዲጻፍ ያዝ ነበር። እማማ መበለት ስለነበሩ ደብተሩ በስማቸው ብቻ ነው የወጣው። ሳጥናቸው ውስጥ በነጠላ ጠቅልለው ያስቀመጡትን ያን ደብተር አውጥቼ ለለቀስተኛው አሳየሁ። «መንግሥት ባለይዞታ ብሎ የመዘገባትን ሴት እኛ ለምን የቤት እመቤት ብለን እንቀብራለን?» አልኩ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና «ጻፈው፣ ገበሬ ነበረች» አሉ።

እናንተ ከገጠር የመጣችሁ የከተማ ልጆች፣ አንድ ቀን ይህ ወረቀት እናንተም እጅ ይገባል። «ሥራ» የሚለውን ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ፦ የሚዘራበትን ቀን ማን ነበር የሚቆርጠው? ዘሩን ማን ነበር የሚያስቀምጠው? የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከማን መቀነት ነበር የሚፈታው? መልሱ «እሷ» ከሆነ፣ የሙያዋን ስም አትንፈጓት።