«ነፍስ ይማር» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

የዛሬው ጨዋታችን ወላጁን ላጣ የሥራ ባልደረባ ስለምንጽፈው የሐዘን መልእክት ነው። የምጀምረውም እኔው ራሴ ካጠፋሁት ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ባልደረባዬ ለመስክ ሥራ ሐዋሳ ሄዳ ሳለ አባቷ እዚህ አዲስ አበባ አረፉ። ወንድሟ ረፋዱ ላይ ለአለቃችን ደወለና «አስቸኳይ ስብሰባ አለ ብላችሁ ጥሩልን። መርዶውን ቤት ስትደርስ እኛ እንነግራታለን» አለው። አለቃችንም እንደተባለው አደረገ፤ እሷም በመሥሪያ ቤቱ መኪና ጉዞ ጀመረች። እኔ ወሬውን የሰማሁት ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። አባቷ ማረፋቸውን ሰማሁ እንጂ እሷ አለመስማቷን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ደንግጬ ስልኬን አወጣሁና «የኔ እህት፣ የአባባን ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብዬ ላክሁላት።

መልእክቱን ያነበበችው መቂን አለፍ እንዳሉ ነው። አጠገቧ ከሾፌሩ በቀር ማንም አልነበረም። መኪናውን አስቁማ ወርዳ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ሾፌሩ ኋላ ሲነግረኝ፣ ምን እንደሚላት ጠፍቶት ውኃ ይዞ ከጎኗ ከመቆም ሌላ ያደረገው ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ እስክትደርስ የቀረውን መንገድ እናንተው ገምቱት።

ከወራት በኋላ ይቅርታ ስጠይቃት እንዲህ አለችኝ፦ «በክፋት እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ግን አባቴን ያጣሁት መቂ ላይ፣ ከስልክ ነው። እናቴ እቅፍ ውስጥ ሆኜ ልሰማው ይገባኝ ነበር።»

እኛ ከተሜዎች መርዶ የማርዳት ወጉ አንዳንዴ የማያስፈልግ ድብብቆሽ ይመስለናል። ትልልቆቹ ግን ይህን ወግ ያቆዩት በምክንያት ነው። መርዶ ብዙውን ጊዜ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ ይነገራል። የሚነግሩትም የሚወዱትና የሚያከብራቸው ሰዎች ናቸው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አንዳንዴም የንስሐ አባት ይጨመራል። ቢወድቅ የሚደግፈው፣ ቢጮኽ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አጠገቡ እንዲኖር ነው። ዋናው ነገር ሰው ክፉውን ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦቻችንም፣ ዓረብ አገር ይሁን አሜሪካ፣ ይህን ወግ ይዘውታል። ሟቹ ካረፈ ቀናት አልፈው እንኳ፣ አንድ ወዳጅ ቤቷ ሄዶ እስኪያረዳት ድረስ የማይነገራት ሴት አለች። አንድ የችኮላ መልእክት ያን ሁሉ ጥንቃቄ ያፈርሰዋል።

ስለዚህ የሐዘን መልእክት የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ሳይሆን መጠየቅ ነው። ወሬውን የነገራችሁን ሰው «እሷ ሰምታለች ወይ?» በሉት። «ይመስለኛል» ካላችሁ አልሰማችም ብላችሁ ቁጠሩት። እርግጠኛ የምትሆኑት እሷ ራሷ ስትናገር፣ ወይም ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያያት ሰው ሲነግራችሁ ነው። እስከዚያ ድረስ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕም ቢሆን አንድ ቃል አትጻፉ፤ እሷም እዚያው ግሩፕ ውስጥ አለችና። «ደህና ነሽ ግን?» ብሎ በተሰበረ ድምፅ መደወልም ያው ማርዳት ነው።

መስማቷን ካረጋገጣችሁ በኋላ ምን ትጽፋላችሁ? እኔ ያን ቀን ጠይቄ፣ ጠብቄ፣ ማታ ላይ ብጽፍ ኖሮ እንዲህ ብዬ በጻፍሁ እላለሁ፦

«የኔ እህት፣ የአባባን ማረፍ ሰምቼ በጣም አዘንሁ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን፤ አንቺንም እማማንም ያጽናችሁ። ቢሮ የመጡ ቀን ከጥበቃው ጀምሮ ሁላችንንም ጎንበስ እያሉ ሰላም ሲሉን አልረሳውም። የወሩን ሪፖርት እኔ እጨርሰዋለሁ፤ ለአለቃችንም ነግሬዋለሁ። ነገ ከሰዓት ለቅሶ እንመጣለን። አሁን መልስ ልጻፍ ብለሽ አታስቢ።»

አጭር ነው፤ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የየራሱ ሥራ አለው። መጀመሪያ «ማረፍ» እንጂ «መሞት» አላልሁም፤ ለወላጅ የሚመጥነው አክብሮት ያለው ቃል ነው። «አባትሽ» ከማለት እሷ እንደምትጠራቸው «አባባ» ማለቱም ልብ ያቀርባል፤ ካላወቃችሁ ግን «አባትሽ» ብትሉ ነውር የለውም።

ቀጥሎ ምርቃቱ ነው። ይህ ክፍል የቤተሰቡን እምነት መከተል አለበት፤ የእኛን አይደለም። «ነፍስ ይማር» ለሞተው ሰው የሚቀርብ ጸሎት ነው። ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ የተለመደና የሚያጽናና ነው። ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች ግን ለሞተ ሰው ስለማይጸልዩ ለእነሱ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ቢባል ይሻላል። ለሙስሊም ባልደረባችሁ «አላህ ይዘንላቸው፤ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ» በሉ። እምነቷን ካላወቃችሁ «መጽናናትን ይስጣችሁ» የሚለው ማንንም አያስከፋም።

ከዚያ አንድ ትዝታ መጣ። አባትየውን አይታችኋቸው ከሆነ ያያችሁትን ትንሽ ነገር ጻፉ። አይታችኋቸው የማታውቁ ከሆነም፣ እሷ ስለ አባቷ ያወራችውን አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። «በየጾሙ ፍቺ ዶሮውን ራሳቸው እንደሚመርጡ ስትነግሪን ስቀን ነበር» ማለት ለልጅ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አባቷ በሌላ ሰው ልብ ውስጥም መኖራቸውን ይነግራታል። ትዝታ ከሌላችሁ ግን አትፍጠሩ፤ ያለሱም መልእክቱ ሙሉ ነው።

ከባልደረባ የሚጠበቀው፣ ዘመድ ሊያደርገው የማይችለው ነገር ደግሞ የሥራው ጉዳይ ነው። «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» ስንላት፣ የሚያስፈልጋትን አስባ የመጠየቁን ሥራ እዚያው ለእሷው ሰጠናት። ሐዘንተኛ ደግሞ አይጠይቅም። ስለዚህ የምታደርጉትን አንድ ነገር ወስናችሁ አስታውቋት፤ ሪፖርቱን ይሁን፣ የደንበኛውን ቀጠሮ ይሁን። ያላችሁትንም ፈጽሙ።

አሁን ደግሞ ከመልእክቱ ውስጥ መውጣት ያለባቸውን እንይ። ያቺው ባልደረባዬ አንድ ቀን ስልኳን ከፍታ የደረሷትን መልእክቶች አሳየችኝ። አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ ተቀድተው የተለጠፉ ነበሩ። አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይላል፤ ለወንድ የተጻፈውን ሳያስተካክል ነው የላከላት። ቋንቋችን «ያጽናህ»፣ «ያጽናሽ»፣ «ያጽናዎት» ብሎ ሰውን ስለሚለይ የተቀዳ መልእክት ወዲያው ይታወቃል። በራሳችሁ ጣት የተጻፈ አንድ መስመር ይበልጣል።

ሁለተኛው «ስንት ዓመታቸው ነበር?» የሚል ነበር። የዚህ ጥያቄ ተከታይ ይታወቃል፦ «እንግዲህ ጠግበው ነው የሄዱት»። ሰማንያ ዓመት ቢሞላቸውም ለእሷ አባቷ ናቸው። ጠግበው ኖሩ ማለትን ልጅየዋ ራሷ ልትለው ትችላለች፤ ከእኛ ሲመጣ ግን «ይህን ያህል ማዘን አይገባሽም» የሚል ይመስላል። «ምን ነክቷቸው ነው?» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሕመሙን እንደገና እንድትተርክ ያስገድዳታል፤ ለቅሶ ቤት ስትደርሱ ማውራት ከፈለገች ራሷ ታወራዋለች።

ሦስተኛው «አይዞሽ፣ ጠንካራ ነሽ፣ አታልቅሺ» ይላል። የተላከላት በቀብሩ ዕለት ነው። ያን ቀን ካላለቀሰች መቼ ልታለቅስ ነው? አንዲት ደግሞ እናቷን ስላጣችበት ጊዜ ረጅም ታሪክ ጽፋላታለች፤ በቅንነት ነው፤ ግን በዚያ ዕለት ሐዘንተኛዋ ሌላ ሰው እንድታጽናና አደረጋት። የራሳችን ታሪክ ቀኑ ሲደርስ፣ ቡና ላይ ይወራል።

ከሁሉ ያስገረመኝ የመጨረሻው ነው፦ «ነፍስ ይማር እህቴ። በነገራችን ላይ የኮምፒውተርሽን የይለፍ ቃል ላኪልኝ።» ያስቃል፤ ግን ይደረጋል። የሥራ ጥያቄ ካለ በአለቃ በኩል ይለቅ፤ ካልሆነም ይቆይ።

መልእክቱ ለቅሶ መድረስን እንደማይተካ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንረሳው ከለቅሶው በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወላጅ ለሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር የሚሰጠው ፈቃድ 3 የሥራ ቀን ነው። ሰልስት ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሰዉ ሲበተን፣ እሷ ቢሮ ጠረጴዛዋ ላይ ትገኛለች። በዚያ ቀን ቡና ይዛችሁላት ሂዱ እንጂ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ረሳሽው አይደል?» አትበሏት።

ቤተሰቡ አርባውን የሚያወጣ ከሆነ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ያኔ የሚጽፍላት ሰው ጥቂት ነው። እኔ መቂ ላይ ያጠፋሁትን ባልመልሰውም፣ በአርባው ዋዜማ ግን «ነገ የአባባ አርባ ነው፤ እያሰብኩሽ ነው። ሥራውን ይዤልሻለሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ቤትሽ ሂጂ» ብዬ ጻፍሁላት። ዘግይታ መለሰችልኝ፤ «አንቺ ብቻ ነሽ ያስታወስሽው» የምትል አንዲት መስመር። ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ከዚያች መስመር በኋላ ነው።