ደብተራችሁን ወደ ሠንጠረዥ ስትገለብጡ

የእርሻ ነገር በደብተር የምትጽፉ ብዙ ናችሁ። ችግሩ ደብተሩ እንደ ወሬ ነው የሚጻፈው፤ ማሳን ከማሳ ለማወዳደር አይመችም። አንድ አርሶ አደር የ2016/17 መኸር ጤፋቸውን እንዲህ ጽፈው አየሁ፦ «የወንዝ ዳሩን ከሥላሴ ማግስት ዘራን፣ 12 ማዳበሪያ ገባ። ጉብታውን ከገብርኤል ማግስት፣ 7 ማዳበሪያ።» ይህን አብረን ወደ ስልካቸው ገለበጥነው።

መጀመሪያ ለአንድ ማሳ አንድ መስመር ሰጠን። ስፋቱን ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸው ወሰድን። እዚያ በሄክታር ስለተጻፈ፣ በእኛ አካባቢ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ብለን ቀየርነው። የሐምሌ ሥላሴ 7፣ ገብርኤል 19 ነውና ማግስታቸው 8 እና 20 ይሆናል።

ከባዱ «ማዳበሪያ» የሚለው ነበር። የማዳበሪያ ከረጢት ኩንታል አይደለም። ጎተራ ከቀረው አንዱን ሙሉ ከረጢት መዘንነው፤ 55 ኪሎ ወጣው። 12ቱ 660፣ 7ቱ 385 ኪሎ ሆኑ።

| ማሳ | ጥማድ | ሰብል | የተዘራበት | ምርት በኪሎ | ኪሎ በጥማድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ወንዝ ዳር | 2 | ጤፍ | ሐምሌ 8 | 660 | 330 |
| ጉብታ | 1 | ጤፍ | ሐምሌ 20 | 385 | 385 |

የመጨረሻውን ዓምድ ስልኩ ራሱ ያሰላዋል። ጥማድ በ B፣ ምርት በ E ዓምድ ከሆነ፣ በ F2 ላይ ይህን ጻፉ፦

```
=E2/B2
```

`#VALUE!` ካላችሁ፣ ከቁጥሩ ጋር «ኪሎ» የሚል ቃል ጽፋችኋል ማለት ነው፤ ቃሉን ከላይ ከርዕሱ ላይ ብቻ ተዉት። ቀኑንም 8/11 ብላችሁ አትጻፉ። ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ይወስደዋል፤ «ሐምሌ 8» በሉት።

ምርት ስትሉ ከአውድማ የተነሳው ሁሉ ነው እንጂ የተሸጠው ብቻ አይደለም። ለዘር የተቀመጠው፣ ለወቂ የተከፈለው፣ ለቤት የቀረውም ይቆጠራል። የማታስታውሱትን ባዶ ተዉት፤ 0 ከጻፋችሁ ማሳው ምንም አልሰጠም ማለት ይሆናል።

እኚህ ሰው የወንዝ ዳሩ ይበልጣል ብለው ነበር የሚያስቡት፤ ጭነቱ ብዙ ነዋ! በጥማድ ሲታይ ግን ጉብታው በ55 ኪሎ በለጠ። ታዲያ ዘግይቶ መዝራቱ ነው ያበለጠው? በዚህ ብቻ አይታወቅም፤ አፈሩም፣ ውሃ መተኛቱም ይለያያል። ዘንድሮ የወንዝ ዳሩን ከፍላችሁ ግማሹን ሐምሌ 8፣ ግማሹን ሐምሌ 20 ዝሩት፣ በሁለት መስመር መዝግቡት አልኳቸው። የሁለቱን ምርት ለየብቻ ወቅተው ከመዘኑ፣ ልዩነቱ ከቀኑ ይሁን ከመሬቱ መለየት ይጀምራሉ።