«ወገብዎን ያምዎታል?»

«ፀጉርዎ እየተነቃቀለ ተቸግረዋል?» «ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል?» «ልጅዎ ትምህርት አልገባው ብሏል?» ቴሌግራም በከፈትኩ ቁጥር ሐኪም ፊት የተቀመጥኩ ይመስለኛል። እኔም ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነው እንጀራ የምበላው፤ ስለዚህ በጥያቄ መጀመር ነውር ነው ብል ማንም አያምነኝም። ግን አንዱ ጥያቄ «ይሄማ የኔ ጉዳይ ነው» ሲያሰኘን ሌላው ለምን ይጎረብጠናል?

አንድ የሮቶ ነጋዴ እናስብ። ደንበኞቹ ውሃ በፈረቃ የሚደርሳቸው የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ናቸው። «ውሃ የሚመጣላችሁ ሌሊት፣ ተኝታችሁ ነው?» ብሎ ቢጀምር ጥያቄው የሚፈልገውን ሰው በስሙ የጠራው ያህል ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ጀሪካን የሚደረድር ሰው መልሱን ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም። ቀን ውሃ የሚያገኘው ደግሞ «እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፋል። ነጋዴው ቀጥሎ ሮቶው ውሃ ሲመጣ ራሱ እንደሚሞላ፣ ሲሞላም ራሱ እንደሚዘጋ ይናገራል፤ ዋጋውን ይጽፋል፤ የሰፈሩ ውሃ ግፊት ደካማ ከሆነ ሮቶው ጣሪያ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ መቀመጥ እንዳለበት፣ ወደ ላይ ለመግፋት ደግሞ ፓምፕ እንደሚያስፈልግ ያስጠነቅቃል። ይህን አንብቦ ሮቶ ያልገዛ ሰው እንኳ አንድ ነገር ይዞ ሄዷል።

ያው ነጋዴ «ልጆችዎ በደንብ ባልታጠበ ዕቃ ሲበሉ ዝም ብለው ያያሉ?» ብሎ ቢጀምርስ? «አዎ» የሚል ወላጅ የለም። «አይ፣ አላይም» ያለችውም እናት ካልገዛች ውሸታም ልትሆን ነው። ስለ ውሃ የተጠየቀች መስሏት የተጠየቀችው ስለ እናትነቷ ነው። መውጫ በር የሌለው ጥያቄ የምለው ይህን ነው።

ዘዴው የዛሬ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሊስተሪን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ በ1879 የተሠራው ለቀዶ ሕክምና ጀርም መግደያ ነበር። በ1920ዎቹ ግን ባለቤቶቹ የአፍ ጠረንን ዋና ጉዳይ አድርገው ያዙት። ከማስታወቂያዎቹ አንዱ ጓደኞቿ ሁሉ ሲዳሩ ሚዜ ሆና የቀረች፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የምትጠጋ ሴት ታሪክ ነው። የማስታወቂያው ብልኃት ጠረኑን ራስዎ አያውቁትም፣ የቅርብ ጓደኛዎም አይነግርዎትም ማለቱ ላይ ነው። እዚህ ላይ አንባቢው ምን ያድርግ? ራሱን መመርመር አይችልም፤ ቢጠይቅም የሚሰማውን መልስ እንዳያምን አስቀድሞ ተነግሮታል። ጥርጣሬውን የሚያስታግስለት ጠርሙሱ ብቻ ነው። እንደ ጽሑፍ ሥራ አደንቀዋለሁ፤ እንደ ሰው ግን ይቀፈኛል።

በዚያው ዘመን ማክስ ሳክሃይም የሚባል ጸሐፊ ለሸርዊን ኮዲ የቋንቋ ትምህርት «በእንግሊዝኛ እነዚህን ስህተቶች ይሠራሉ?» የሚል ማስታወቂያ ጻፈ። ለአርባ ዓመት ገደማ ሲታተም ኖሯል። እሱም ቢሆን ኀፍረትን ይነካል፤ ንግግርህ ማንነትህን ያጋልጣል የሚል ነገር አለበት። ልዩነቱ ስህተቶቹን ከነእርማታቸው እዚያው ገጽ ላይ ማስቀመጡ ነው። አንባቢው ራሱን በራሱ ይፈትናል፤ ስህተቱን ካልሠራ ገጹን ይገልጣል፤ ከሠራም አንድ ሳንቲም ሳይከፍል ታርሟል።

የማስታወቂያ ጸሐፊዎች የለመድነው ቀመር አለ፦ ችግሩን አንሳ፣ ቁስሉን ነካካ፣ መፍትሔውን አቅርብ። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው መሀል ላይ ነው። «ወገብዎን ያምዎታል?» በራሱ ምንም አይደል፤ የሚያመው ሰው የሚያመውን ያውቃል። ቀጥሎ «ዛሬ ካልታከሙ ነገ አልጋ ላይ ይቀራሉ» ሲመጣ ግን ጸሐፊው ሳያየው በሽተኛውን መርምሮ ፈረደ። የባህል ሐኪም ነን በሚሉ ገጾች ላይ ይህን ሳይ በእውነት እናደዳለሁ፤ አንባቢያቸው ፈርቶ የሐኪም መድኃኒቱን ሊያቋርጥ የሚችል ሰው ነውና።

ፌስቡክ ላይ በክፍያ የምታስተዋውቁ ደግሞ ሕጉንም እወቁት። የሜታ የማስታወቂያ ደንብ የአንባቢውን የጤና ሁኔታ ወይም የገንዘብ አቅም እንደሚያውቅ ሆኖ የሚናገር ጽሑፍ አይፈቅድም። «የስኳር ሕመም አለብዎት?» ውድቅ ሊደረግ ይችላል፤ «ለስኳር ሕመምተኞች የሚሆን የምግብ ምክር» የተሻለ ዕድል አለው። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ አንባቢ ነው፤ ሁለተኛው ግን ጣት አይቀስርም።

ደንበኛ በጥያቄ ጀምርልኝ ሲለኝ «የለም» ብሎ የሚያልፈው ሰው ማን እንደሆነ መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ። «ማንም እንዳያልፍ ነው የምፈልገው» ካለኝ ሥራውን አልወስድም። እናንተም ዛሬ በጥያቄ የሚጀምር ማስታወቂያ ካጋጠማችሁ የድርጅቱን ስም ሸፍናችሁ ከሁለተኛው መስመር ጋር ላኩልኝ፤ ጉዱ ያለው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።