«ገንዘቤን መልስ» በቴሌግራም ሲላክ

በጉራጌ ቤተሰብ ውስጥ የከረረ ቅሬታ መስቀልን ይጠብቅ ነበር። አዲስ አበባ የሚነግደውም፣ ቡታጅራ ሱቅ የከፈተውም፣ ወልቂጤ የሚኖረውም አገር ቤት ይገባል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የተቀያየሙት ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። ዛሬ ግን ስልኩ ኪስ ውስጥ ስላለ መስከረም 17ን የሚጠብቅ ጠብ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ምን ልበለው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «በምን ልንገረው?» የሚለው መመለስ አለበት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወልቂጤ ያለ ታላቅ ወንድም፣ ቡታጅራ ሱቅ ለሚከፍት ታናሹ 200 ሺህ ብር ሰጠ እንበል። ውል አልተጻፈም። ታላቁ «አበደርኩት» ይላል፤ ታናሹ ደግሞ «በሽርክና ገባ» ብሎ ያምናል። ዓመት አልፎ ታላቁ ሲቸግረው ማታ በቴሌግራም «ገንዘቤን መልስ» ብሎ ይጽፋል። ታናሹ አንብቦ ዝም ይላል። ታላቁ መልእክቱ መነበቡን አይቶ «ንቆኛል» ብሎ ያድራል። በማግስቱ ታናሹ ለአባታቸው ሕክምና ያወጣውን ሁሉ እየቆጠረ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይልካል። ታላቁ ሰምቶ ሳይጨርስ ለቤተሰቡ ግሩፕ ያስተላልፈዋል። አዲስ አበባ ያለችው እህታቸው የመጀመሪያውን ጽሑፍ አላየችም፤ የሰማችው ቁጣውን ብቻ ነው። ሽማግሌ ሳይጠራ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ። የመጀመሪያው የጽሑፉ ነው። ወንድማማቾቹ ቤት ውስጥ የሚግባቡት በጉራጊኛ ነው፤ ሲጻጻፉ ግን ወደ አማርኛ ይሻገራሉ። በአፍ ቢሆን ከጥያቄው በፊት የሚመጣው የጤና፣ የልጆችና የሥራ ጥየቃ በጽሑፍ ይቀራል። «መልስ» የሚለው ቃል ያለ ድምፅ ልመናም ትእዛዝም ሊሆን ይችላል፤ የተከፋ ሰው ደግሞ የሚመርጠው ትእዛዙን ነው።

ሁለተኛው፣ የከፋውም፣ የድምፅ መልእክቱ ነው። የንዴቱን ቃና እንዳለ ይሸከማል፤ ሰሚው ግን «ቆይ፣ እሱማ እንዲህ አይደለም» ብሎ ሊያቋርጥ አይችልም። ተናጋሪው ማንም ሳይመልሰው እየጋለ ይሄዳል። በስልክ ቢሆን ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይረሳ የነበረው ቃል፣ እዚህ ተቀድቶ ከሰው ሰው ይዞራል። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በየጆካ ሲቀመጡ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ቦታ መገኘታቸው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ መልሱም እዚያው ይሰጣል። የድምፅ መልእክት ከሳሽ ብቻውን የተናገረበት ችሎት ነው።

ታዲያ ምን ይሻል ነበር? በቅደም ተከተል መሄድ። መጀመሪያ አጭር ጽሑፍ፦ «ወንድሜ፣ ስለ ሱቁ ገንዘብ መነጋገር አለብን፤ መቼ ልደውልልህ?» ይህ ክስ የለበትም፤ ለታናሹም ራሱን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ጥሪው፤ «ብድር ነበር ወይስ ሽርክና?» የሚለው ዋና ክርክር የሚፈታው ጠይቆ ወዲያው መልስ በመስማት ነው። መጨረሻ ላይ እንደገና ጽሑፍ፦ «በተስማማነው መሠረት 120 ሺውን እስከ ጥር 30፣ ቀሪውን እስከ ሰኔ 30» ብሎ መላክና «አዎ» የሚል መልስ መቀበል። ቁጥርና ቀን በአፍ ብቻ ከቀረ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጠብ ይወልዳል።

የጽሑፉ ጥቅም ግን ወሰን አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ነው ይላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ቢሰጥም፣ የቴሌግራም «አዎ» ተፈርሞ በምስክር ፊት የተደረገ ውልን አይተካም። ደግሞም ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ገንዘቡ ከበዛ ስምምነቱ ወረቀት ላይ ይስፈር።

መደወል የማይሻልበት ጊዜም አለ። ዛቻ ካለ ንግግሩ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል፤ የመጣው መልእክትም ጽሑፍ ሆነ ድምፅ አይጥፋ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሁለቱም መንገድ የሚላክ ዛቻን በወንጀል ያስጠይቃል። ሌላው ጉዳይ የአቅም ልዩነት ነው። አማቷን የምትፈራ ምራት ወይም አጎቱ ሱቅ ተቀጥሮ ደመወዝ የቀረበት ልጅ ስልክ ላይ ሁለት ቃል ሳይጨርስ ሊቋረጥ ይችላል። ለእነሱ በጥንቃቄ የተጻፈ መልእክት ሐሳባቸውን እስከ መጨረሻው የሚናገሩበት ብቸኛ ዕድል ሊሆን ይችላል።

የድምፅ መልእክትም ቦታ አለው፤ ማንበብ ለማይችሉ እናት ነገሩን በረጋ ድምፅ ለማስረዳት፣ ወይም ስልክ ለማያነሳ ወንድም «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» ለማለት። ይቅርታ ሳይቋረጥ ቢሰማ፣ ለሌላም ቢተላለፍ ጉዳት የለውም። ክስ ግን መልስ ይፈልጋል፤ መልስ ሊሰጥበት በማይቻል መንገድ መላክ የለበትም።