«ገና ነው፣ ይብሰል»

ሕመሙን በአማርኛ የዓይን ሞራ እንለዋለን። ስሙን የሰማ ሰው ዓይን ላይ ስስ ስብ የተዘረጋ፣ ተፍቆም የሚነሳ ይመስለዋል። ከስሙ ጋር አንድ ምክር ከአገር ቤት ተሻግሯል፦ «ገና ነው፣ ይብሰል።» ማኪኒ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት የሰባ ሁለት ዓመት እናት ሁለቱንም ይዘው ነበር።

ሞራው ግን ከላይ አይበቅልም። ከዓይን ብሌን ኋላ ብርሃን የሚያልፍበት ጥርት ያለ ሌንስ አለ። የተሠራው በውኃና በሥርዓት በተደረደሩ ፕሮቲኖች ነው፤ የደም ሥር የለውም። ዕድሜ ልኩን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንብርብር እየጨመረ ያድጋል፣ አሮጌውን ግን አይጥልም። ስለዚህ መሐል ያለው ክፍል ከባለቤቱ እኩል ያረጀ ነው። ፕሮቲኖቹ ከዓመታት በኋላ እየተጎዱ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ብርሃኑን በቀጥታ ማሳለፋቸው ቀርቶ ይበትኑታል። ስኳር በሽታ፣ ሲጋራና ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ ነገሩን ያፋጥኑታል።

የእናትየው የመጀመሪያ ምልክት ቤተሰቡን ያስደሰተ ነበር። ለዓመታት መነጽር ሳያደርጉ ምስር መልቀም የማይችሉት ሴት አንድ ቀን መነጽሩን አስቀምጠው መልቀም ጀመሩ። «ዓይኔ ተመለሰልኝ» አሉ። የሌንሱ መሐል ሲጠነክር ብርሃንን ይበልጥ ያጥፋል፤ ቅርቡ ለጊዜው ይጠራል፣ ሩቁ ግን ይደበዝዛል። ቆይቶ ቅርቡም ይሄዳል። ከዚያ ነጭ ነጠላቸው በደንብ ያልታጠበ ይመስላቸው ጀመር፤ ማታ በመኪና ሲሄዱም የሚመጣው መብራት ሁሉ እንደ ጸሐይ ጨረር ይበተንባቸዋል። ቡና ሲቀዱ ሲኒው ሞልቶ ይፈስሳል። ሕመም የለም፣ መቅላት የለም፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ የተጠየቁት፦ «ምን ያስቸግርዎታል?» የሚል ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። ልጃቸውም እንዳለ ተረጎመችው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ዛሬ የቀዶ ሕክምናውን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው የሞራው ውፍረት ሳይሆን የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ሞራው የዕለት ኑሮን ያውካል ወይ? መድንም በአብዛኛው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ማጉረምረም ነውር ሆኖባቸው ያደጉ እናት «ደህና ነኝ» ካሉ መዝገቡ ላይ ደህና ናቸው።

የፊደል ሰሌዳውም አግዟቸው ነበር። በጨለማው ክፍል 20/40 አነበቡ፤ ማለትም ጤናማ ዓይን ከ40 ጫማ የሚያየውን እሳቸው ከ20 ጫማ ያያሉ። መጥፎ የሚባል አይደለም። ልጅቱ ስለ ሲኒውና ስለ ማታው መብራት ስትናገር ግን ሐኪሙ ዓይናቸው አጠገብ ደማቅ መብራት አስይዞ እንደገና አስነበባቸው። ያን ጊዜ 20/80 ሆነ። የቴክሳስ ፀሐይ በየቀኑ የሚያደርገውን መብራቱ በአንድ ደቂቃ አሳየ።

ቀጥሎ ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ የዓይን ጀርባ ታየ። ሬቲናው በስኳር ወይም የዓይን ነርቩ በግላኮማ ተጎድቶ ከሆነ፣ ሞራውን ማውጣት የተስፋውን ያህል አያሳይም። የእሳቸው ጤናማ ሆኖ ተገኘ።

«ታዲያ ቢበስልስ?» ብለው ጠየቁ። ምክሩ በዘመኑ ልክ ነበር። ድሮ ሌንሱ በትልቅ ቁርጥ ሙሉውን ይወጣል፣ በሽተኛውም ወፍራም መነጽር ይሸከማል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ዓይኑ ሳይጋረድ የሚደፍር አልነበረም። በ1949 ሃሮልድ ሪድሊ ለንደን ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ ተከለ፤ በ1967 ቻርልስ ኬልማን ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ የሚመጥጥበትን ዘዴ አሳወቀ። ዛሬ ቁርጡ ሦስት ሚሊሜትር አይሞላም። ለዚህ ዘዴ ለስላሳ ሞራ ይሻላል፤ የጠነከረው ብዙ ሞገድ ይፈልጋል፣ ሞገዱም ኮርኒያን ይጎዳል። ከልክ ያለፈው አብጦ የዓይን ግፊት ሊያስነሳ ይችላል።

በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. አካባቢ የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ከሞራ ጋር አያይዞታል። እዚያ ብዙዎች የሚደርሱት ሞራው ነጭ ድንጋይ ሆኖ ነው። ሐኪሞች ያለ ስፌት በሚዘጋ ሰፋ ያለ ቁርጥ በእጅ ያወጡታል፤ ዓይንም ይመለሳል። ስለዚህ የበሰለ ሞራ ተስፋ የተቆረጠበት አይደለም፤ እስኪበስል ያለፉት የጨለማ ዓመታት ግን አይመለሱም።

መቸኮልም ግዴታ አልነበረም። ቀዶ ሕክምናው ከስንት አንዴ ቢሆንም ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል፤ ሞራው የማያውካቸው ቢሆን ኖሮ መነጽር ቀይሮ መጠበቅ በቂ ነበር። እናትየው በመጨረሻ የመለሱት አጭር ነበር፦ «ዳዊቴን ማንበብ ትቻለሁ።» ሐኪሙ ይህን ጽፎ ቀን ቆረጠላቸው።

ቀኝ ዓይናቸው ከተሠራ በኋላ አንዱን ዓይን እየሸፈኑ ነጠላቸውን ያዩ ነበር። በቀኙ ነጭ ነው፣ በግራው ቢጫ። የግራውን ቀጠሮ ራሳቸው ጠየቁ።