ፍሪጁ ውስጥ የተረሳው ዕቃ

ለመሆኑ ፍሪጃችሁ ጥግ ውስጥ ማን እንዳስቀመጠው የማታውቁት ዕቃ ስንት ጊዜ ገጥሟችኋል? የአብዛኞቻችን መልስ አንድ ነው፤ ክዳኑን ሳንከፍት እንጥለዋለን። እኔም ያን ቀን ልጥለው ነበር።

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ወደ ሆላንድ ከሄድኩ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላኝም። ሮተርዳም ውስጥ ከአምስት ተማሪዎች ጋር አንድ ኩሽናና አንድ ፍሪጅ እጋራ ነበር። ቤቱ አንድ ሕግ አለው፦ በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ፍሪጁ ይጸዳል፤ ባለቤት የሌለው ነገር ሁሉ ይጣላል። አዲስ ገቢ ስለነበርኩ የመጀመሪያው እሁድ ተራ ለእኔ ደረሰ።

በታችኛው መደርደሪያ፣ ከሰናፍጭ ጠርሙሶች ጀርባ፣ ነጭ የአይስክሬም ባልዲ አገኘሁ። ክዳኑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት አለ። «20/3/2011» ይላል። አብሮኝ የቆመው ሆላንዳዊ ልጅ አነበበና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እ.ኤ.አ. ማርች 2011! ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። አትክፈቺው፣ በቀጥታ ጣይው» አለኝ።

እኔ ግን ከቀኑ በታች ያለችውን ቃል አይቼ ነበር። በአማርኛ ፊደል፣ በችኮላ የተጻፈች አንዲት ቃል፦ «እርሾ»።

ኅዳር 20 ቀን 2011 ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር። ዕቃው ስምንት ዓመት ሳይሆን ሁለት ወር ከስድስት ቀን ነው የቆየው። ይህን ለልጁ ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ፍሪጁን ከማጽዳቱ ይበልጥ ነበር፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሆናችንን ሲሰማ እያሾፍኩበት መስሎት ነበር።

ከእኔ በፊት ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ልጅ ኢትዮጵያዊት እንደነበረች ያወቅሁት ያኔ ነው። የቤቱ ልጆች «በጥር መጀመሪያ በድንገት አገሯ ገባች» ከማለት ሌላ ብዙም አያውቁም። ስልኳን ሰጡኝና መልእክት ላክሁላት። መልስ የለም።

ክዳኑን ከፈትኩት። ከላይ ጠቆር ያለ ቢጫ ውሃ፣ ከታች ደግሞ ግራጫ ዝቃጭ። ሽታው አፍንጫ የሚሰረስር ኮምጣጣ ነው። ሆላንዳዊው መስኮት ከፈተ። እኔ ግን ልክ የእናቴ ቡሃቃ ሲከፈት የሚመጣው ሽታ ሆነብኝና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። እስከዚያን ቀን ድረስ እንጀራ ጋግሬ አላውቅም ነበር። ያደግሁት በደቡብ ኦሞ፣ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ባለችው የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ በካንጋተን ነው፤ እናቴ እዚያ አስተማሪ ነበረች። ካንጋተን ቆላ ናት። ጤፍ አይበቅልባትም፣ ከጂንካ በኩል በመኪና ነው የሚመጣው። ስለዚህ እናቴ ጤፉን በማሽላ ትቀላቅለዋለች። እኔ ሥራዬ መብላት ነበር። ቡሃቃው አጠገብ ስጠጋ «ሂጂ ጥናትሽን» ትለኝ ነበር። አጠናሁ፣ በቢዝነስ ተመረቅሁ፣ ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘሁ፤ እንጀራ ግን አላውቅም።

ደወልኩላት። የካንጋተን ኔትወርክ እንደ ሁልጊዜው ሦስቴ ተቆረጠብን።

«እማ፣ ሁለት ወር ፍሪጅ ውስጥ የቆየ እርሾ ይሆናል?»

«ሁለት ወር? እዚህ ቢሆን ሳምንት አይሻገርም ነበር። እስቲ ላዩን እዪልኝ። ጸጉር አውጥቷል?»

«አላወጣም።»

«ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ ነገርስ?»

«ምንም የለም። ጠቆር ያለ ውሃ ብቻ።»

«ነጭ ስስ ሽፋን ቢኖር ግፈፊው፣ ግድ የለም። ጸጉር ካወጣ ወይ ቀለም ካመጣ ግን ላዩን ገፍፌ ታቹን እጠቀማለሁ እንዳትዪ፤ እንዳለ ድፊው። ሽታውስ? እንደ ኮምጣጤ ነው ወይስ እንደ በሰበሰ ሥጋ?»

«እንደ ኮምጣጤ።»

«እንግዲያው ተኝቷል እንጂ አልሞተም። እንዳትቀምሽው ግን፣ መጀመሪያ ቀስቅሺው።»

ከዚያ በኋላ ሳነብ የእናቴ ፍርድ ትክክል እንደነበረ ተረዳሁ። እርሾ ማለት ሊጥ ሲቦካ ላዩ ላይ የሚያቆረው ውሃ ነው፤ ውስጡ ሁለት ዓይነት ሕያዋን አብረው ይኖራሉ። አንዱ ጋዝ እየሠራ ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው ነው፤ ሌላው አሲድ እየሠራ የሚያኮመጥጠው ባክቴሪያ ነው። ያ ኮምጣጣነት እንጀራውን ማጣፈጥ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጎጂ ተሕዋስያን እንዳይራቡ የሚከላከል አጥር ነው። ፍሪጅ ውስጥ ቅዝቃዜው ሥራቸውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድላቸውም። የጠቆረው ውሃም የመበስበስ ምልክት አይደለም፤ ሲርባቸው የሚታይ ነው። ምግብ ካገኙ ይመለሳሉ። ካልተመለሱ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ ይታወቃል።

በሆላንድ የጤፍ ዱቄት ማግኘት ያሰብኩትን ያህል አልከበደኝም። ስንዴ ለማይስማማቸው ሰዎች ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ በግማሽ ኪሎ ከረጢት ተደርድሮ አገኘሁት። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ እናቴም እስከ ዛሬ አታውቅም።

ባልዲውን በጥብጬ አንድ ማንኪያ ወሰድኩ፤ በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከግማሽ ስኒ ዱቄትና ለብ ካለ ውሃ ጋር ቀላቀልኩት። ከፍታውን በላስቲክ ምልክት አድርጌ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ምንም የለም። ሆላንዳዊው ልጅ በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር «ሞቷል?» እያለ ይጠይቀኛል። በሁለተኛው ቀን ማታ ሦስት አራት አረፋ አየሁ። እናቴ እንዳለችኝ ግማሹን ደፍቼ አዲስ ዱቄትና ውሃ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ላስቲኩን አልፎ ወጥቶ አገኘሁት። ጮህኩ መሰለኝ፤ ጣሊያናዊቷ የቤት ጓደኛዬ በፒጃማዋ ሮጣ መጣች። አየችውና ወዲያው ገባት። እነሱም ለዳቦ የሚያቆዩትን እርሾ «እናት ሊጥ» እንደሚሉት ነገረችኝ፤ የአያቷ ፍሪጅ ውስጥም እንዲህ ያለ ማሰሮ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልዲው ጠበቃ አገኘ።

ግማሽ ኪሎውን በሙሉ በግማሽ ስኒ እርሾ አቦካሁት። ካንጋተን ቢሆን እናቴ ማታ ያቦካችውን በማግሥቱ ከሰዓት ትጋግረዋለች፤ ሙቀቱ አያስቆይም። የእኛ ኩሽና ግን 18 ዲግሪ እንኳ ቢሞላ ነው። አራት ቀን ጠበቅሁ። ላዩ ላይ ውሃው ሲያቆር ቀዳሁና ባልዲው ውስጥ መለስኩት። ከዚያ በማይጣበቀው መጥበሻችን ላይ አፈሰስኩ።

አራት ጋገርኩ። አራቱም አይን የላቸውም፤ የጎማ ቁራጭ ይመስላሉ። የቤቱ ልጆች በጨዋነት በሉልኝ፣ እኔ ግን አልቅሼ ደወልኩ።

«አብሲት ጣልሽ?» አለችኝ እናቴ።

«የምን አብሲት?»

ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሂጂ ጥናትሽን እያልኩ።»

ለካ ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ይቀነሳል፤ በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጦ እያማሰሉ እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪሆን ማፍላት ነው። ከዚያ ጣት እስኪችለው ቀዝቅዞ ወደ ሊጡ ይመለሳል። ጤፍ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን የለውም። ያ የበሰለ ገንፎ ነው ሊጡን አጥብቆ፣ እርሾው የሚሠራውን ጋዝ የሚይዝለት፤ አይኑም የሚመጣው ጋዙ በእሳት ሲፈነዳ ነው። አብሲቱ ትኩስ እንዳለ ከተመለሰ ደግሞ እርሾውን ይገድላል።

የቀረው ሊጥ ላይ አብሲት ጣልኩ። ሆላንዳዊው «ጣይው» ሲለኝ፣ እናቴ «ጣይ» ስትለኝ፣ እኔ መሃል ቆሜ ነበርኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊጡ ኩፍ አለ። መጥበሻው ላይ የጣልኩት የውሃ ጠብታ እስኪንጣጣ አሞቅሁት፤ ከዳር ወደ መሃል እያዞርኩ አፈሰስኩ። አንድ አይን። ከዚያ አሥር። ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ዳር ዳሩ እስኪነሳ ከደንኩት። ስድስት እንጀራ ወጣልኝ፣ እያንዳንዱ ከሰሃን ብዙም የማይበልጥ።

በዚያው ምሽት የልጅቷ መልስ መጣ፤ በድምፅ መልእክት። ያሳደጓት አባቷ አርፈው፣ ሲነገራት የያዘችውን ይዛ በዚያው ሌሊት እንደተነሳች ነገረችኝ። «ፍሪጁ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ ትዝ አላለኝም» አለች። እርሾውን የሰጧት ዘ ሄግ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ከሌላ ሰው ነው የተቀበሉት። ለፋሲካ እጋግራለሁ ብላ ነበር ያቆየችው። «ይኼኔማ ተጥሏል አይደል?»

የእንጀራውን ፎቶ ላክሁላት። ብዙ ቆይታ «ቀረብ አድርገሽ አንሺው፣ አይኑን ልየው» ብላ ጻፈች። አነሳሁላት። ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለ አባቷ ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት።

በሰኔ 2012 ከቤቱ ስወጣ ባልዲውን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱን ጣሊያናዊቷ ወሰደች፤ ጤፍ እየገዛች ትመግበዋለች፣ አንዳንዴ ፎቶ ትልክልኛለች። ሌላውን እዚያው ፍሪጁ ውስጥ፣ በታችኛው መደርደሪያ ተውኩት። ክዳኑ ላይ አዲስ ወረቀት ለጠፍኩ፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩበት። ከሥሩም ሆላንዳዊው ልጅ በራሱ ቋንቋ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «አትጣሉ» ብሎ ጨመረበት።